ግንቦት 12፣ አራት ሰዓት ገደማ፦ የልደት ገበታና የትምህርት ክፍል ምርጫ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ስታገባድድ ከሁለት የትምህርት ክፍሎች አንዱን ማስቀደም ነበረባት። እናቷ ፋርማሲ ትላለች። እርሷ ግን ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ፋርማሲንና ሶፍትዌር ምህንድስናን እያፈራረቀች ቅጹ ላይ በእርሳስ ስትጽፍና ስታጠፋ ሰነበተች። አንድ ምሽት ስልኳን ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ ተገላገልኩ፤ የልደት ገበታዬን አወጣሁት» አለችኝ። ገበታው ፀሐይዋም ሜርኩሪዋም ሰንቡላ በሚባለው ኮከብ ላይ እንደሆኑ ይናገራል። ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ደግሞ ጠንቃቃ፣ ሥርዓት ወዳድ፣ ሰውን በማገልገል የምትረካ፣ ለጤና ሙያ የምትስማማ ይላታል። «እያንዳንዱ ቃል እኔን ነው የሚገልጸው» አለች። እናቷም ደስ አላት።

እኔ ግን ሰንቡላ የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። ልጅቷ የተወለደችው በግንቦት ነው፤ በግንቦት ወር ፀሐይ ሰንቡላ ላይ ልትገኝ አትችልም። ያስገባችውን ቀን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። 12/9/1999 ይላል። ግንቦት ዘጠነኛው ወር ስለሆነ እውነት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ገበታውን ያወጣው የስልኳ ማስሊያ ግን የተረዳው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ብሎ ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዕለት ነው። «እኔን ነው የሚገልጸው» ያለችው ገበታ ከእርሷ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቀድሞ የተወለደ የሌላ ሰው ገበታ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም። የልደት ገበታ ለትምህርት ምርጫ ምን ሊያግዝ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከዚህ ስሕተት በላይ ያስተማረኝ ነገር ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ገበታው ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። የልደት ገበታ አንድ ሰው በተወለደበት ደቂቃ፣ ከተወለደበት ቦታ ሆኖ የታየው ሰማይ ካርታ ነው። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምትሄድበት መንገድ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም 30 ዲግሪ ነው። በተለምዶ ኮከብ የሚባሉትን እነዚህን ክፍሎች በአገራችን የቆየው አጠራር ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ እያለ እስከ ሑት ይቆጥራቸዋል። ገበታው ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶቹ በዚያ ደቂቃ በየትኛው ክፍል እንደነበሩ ያሳያል፤ በተጨማሪም በምሥራቅ አድማስ ላይ በዚያ ቅጽበት ብቅ እያለ የነበረው ኮከብ የትኛው እንደሆነ ይነግራል። ይህን የመጨረሻውን ወጪ ኮከብ እንበለው። ከእርሱ ተነሥቶ 12 «ቤቶች» ይቆጠራሉ፤ ስድስተኛው የዕለት ተዕለት ሥራ፣ ዘጠነኛው ከፍተኛ ትምህርት፣ አሥረኛው ሰው በአደባባይ የሚታወቅበት ሙያ ነው ይባላል።

ብዙ ሰው ይህን ከአገራችን ዐውደ ነገሥት ጋር ያምታታዋል። በዚያኛው ዘዴ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ12 ተካፍሎ የሚተርፈው ቁጥር «ኮከብህ ይህ ነው» ያሰኛል። የኮከቦቹ ስሞች ተመሳሳይ ቢሆኑም የሚቆጠረው ስም ነው፤ ሰማይ አይታይበትም፣ የልደት ሰዓትም አይጠየቅበትም። ስለዚህ በዐውደ ነገሥት አሰድ የተባለ ሰው በልደት ገበታው ሑት ቢሆን የሚጋጭ ነገር የለም፤ ሁለቱ ስለ ተለያዩ ነገሮች ነው የሚናገሩት።

ወደ ልጅቷ ገበታ ልመለስ። ግንቦት 12 ቀን 1999 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሜይ 20 ቀን 2007 ነው። ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። እናቷ «ከጠዋቱ አራት ሰዓት» ስትል ማስሊያው ውስጥ 4:00 ተብሎ ከገባ የሚወጣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የነበረው ሰማይ ነው። መግባት ያለበት 10:00 ነው። ይህ ስሕተት በዓይን ሊያዝ ይችላል። ገበታው ክብ ነው፤ በመካከሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው መስመር አድማስ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ከምድር በላይ የሚታየው ሰማይ፣ በታች ያለው የተሰወረው ነው። በቀን የተወለደ ሰው ፀሐይ ከመስመሩ በላይ መገኘት አለባት። በጠዋት የተወለደች ልጅ ገበታ ላይ ፀሐይ ከታች ከታየች ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

የኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ወጪው ኮከብ ፀሐይ ያለችበት ኮከብ ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ በግምት አንድ ኮከብ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ይህ ግምት ከእውነተኛው ስሌት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚለየው፤ እንደ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ባሉ ከተሞች ግን አንዳንዱ ኮከብ በፍጥነት ሌላው በዝግታ ስለሚወጣ አይሠራም። በዚያ ዕለት ፀሐይ በሠውር መጨረሻ፣ 28ኛው ዲግሪ አካባቢ ነበረች። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚወጣው ሠውር ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ገውዝ፤ አራት ሰዓት ላይ ሸርጣን። ማስሊያውም ለአራት ሰዓት የሸርጣን 23ኛ ዲግሪ አካባቢን ነው የሰጠን። ስልክ ሳይኖር በጣት ተቆጥሮ የሚረጋገጥ ነገር ነው፤ ገበታ የሚያወጣ ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ታዲያ አራት ሰዓት ነበር ወይ? የክትባት ካርዷ ላይ ቀኑና ክብደቷ አለ፤ ሰዓት የለም። እህቴን ጠየቅኳት። «እሑድ ነበር፣ የሚካኤል ዕለት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዎች ሲመለሱ ድምፃቸው በመስኮት ይሰማኝ ነበር። አራት ሰዓት ነው፤ ቢበዛ አምስት አይሞላም።» ይህ ለእናት በቂ ነው፤ ለገበታ ግን በቂ አይደለም። ወጪው ኮከብ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይራመዳል። በዚያ ዕለት አዲስ አበባ ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት የሚወጣው ሸርጣን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን አሰድ ነው። ለውጡ ትንሽ አይደለም። እያንዳንዱን ኮከብ እንደ አንድ ቤት በሚቆጥረው ቀላል ዘዴ ብንሄድ፣ ሸርጣን ከወጣ የሙያ ቤት የሚባለው አሥረኛው ሐመል ነው፤ እዚያም ማርስ ተቀምጧል። አሰድ ከወጣ ግን አሥረኛው ቤት ሠውር ይሆናል፤ ማርስ ወደ ዘጠነኛው ይሄድና በሙያ ቤት ፀሐይ ትቀመጣለች። ማርስ «በሙያሽ ተፋላሚ፣ ፈጣን፣ ብቻሽን ወሳኝ ነሽ» ያሰኛል፤ በሠውር ያለች ፀሐይ ደግሞ «ዝግተኛ፣ ጽኑ፣ የያዝሽውን የማትለቂ ነሽ» ታሰኛለች። ልዩነቱ የሚመጣው እህቴ የሰማችው ድምፅ ቀድሞ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ይሁን ዘግይቶ የወጣ ከሚለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ገበታውን ለሁለት መክፈል ነበር። በአንድ ወገን ሰዓቱ ቢዛነፍም የማይለወጡትን ጻፍን፤ ፕላኔቶች ያሉበትን ኮከብና በመካከላቸው ያለውን ርቀት። በሌላው ወገን በሰዓት ላይ የተንጠለጠሉትን፣ ቤቶቹን በሙሉና ወጪውን ኮከብ። ሁለተኛውን ዝርዝር አጥፈን አስቀመጥነው። ሰዓቱን በትክክል የማያውቅ ሰው ስለ «ሙያ ቤቱ» የሚነገረውን ሁሉ እንዲህ ማድረግ አለበት፤ ከአንባቢዎቼም ብዙዎቹ ሰዓታቸውን በደቂቃ አያውቁም ብዬ እገምታለሁ።

ከቀረው ዝርዝር ውስጥም የእርሷ ብቻ ያልሆነ ብዙ ነበር። ሳተርን አሰድ ውስጥ ነው። ሳተርን ግን አንድ ኮከብ ለማለፍ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ከ1997 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1999 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የተወለደ ልጅ ሁሉ ሳተርኑ አሰድ ውስጥ ነው፤ ማለትም በመማሪያ አዳራሹ አብረዋት የተቀመጡት አብዛኞቹ። ጁፒተርም በአንድ ኮከብ ውስጥ ዓመት ያህል ይቆያል። ዩራነስ፣ ኔፕቱንና ፕሉቶ ደግሞ የአንድ ትውልድ ያህል ሰው ይጋራቸዋል። «ሳተርንሽ አሰድ ስለሆነ ሕክምና አይሆንሽም» የሚል ሰው ለጠቅላላው የዓመቱ ተማሪ «ሕክምና አይሆናችሁም» እያለ መሆኑን አላስተዋለም። በሁለት ተማሪዎች መካከል ያለን ልዩነት ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ሊያስረዳ አይችልም።

አሁን የቀሩት ጥቂት ናቸው። ሜርኩሪ በገውዝ መካከል፣ ጁፒተር ደግሞ ትይዩው በሆነው በቀውስ መካከል፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጨረቃና ቬኑስ ሸርጣን ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ማርስ ሐመል ውስጥ ነው። ፀሐይ በሠውር ጫፍ።

እነዚህ ፋርማሲ ይላሉ ወይስ ሶፍትዌር? የዚህ ጥያቄ መልስ ከጥንት ኮከብ ቆጣሪዎች ጀምሮ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይጠቅማል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ ስለ ሙያ ሲጽፍ ሦስት ፕላኔቶችን ነው የመረጠው፤ ሜርኩሪን፣ ቬኑስንና ማርስን። ለሜርኩሪ ጸሐፊዎችን፣ ሒሳብ የሚሠሩትን፣ መምህራንንና ነጋዴዎችን ሰጠ። ለማርስ ብረትና እሳት የሚነኩትን። ለቬኑስ ደግሞ ሽቱ፣ ቀለም፣ ቅመምና ወይን የሚሸጡትን፤ ከእነርሱም ጋር መድኃኒት ሻጮችን። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሣቀች። ሜርኩሪዋ የራሱ በሚባለው ኮከብ በገውዝ ስለሆነ ብርቱ ነው ይባላል፤ ሒሳብ ሠሪውን፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር የሚቀርበውን ይጠራል። ቬኑሷ ከጨረቃ ጋር ተቀምጣ መድኃኒት ሻጩን ትጠራለች። ገበታው ሁለቱንም አለ።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በጥንቱ ዝርዝር ውስጥ የትምህርት ክፍል የለም። ሶፍትዌር ምህንድስናም፣ በላቦራቶሪና በሕግ የሚመራው የዛሬው ፋርማሲም አልነበሩም። ዛሬ «ሜርኩሪ ማለት ኮምፒውተር ነው» የሚል ሰው በራሱ ግምት ድልድይ ሠርቷል። ሌላው ሰው በዚያው ሜርኩሪ የመድኃኒት መጠን ስሌትን ያያል፤ ሦስተኛው ጋዜጠኝነትን። ገበታው ለአንድ ሥራ የሚስማማ ጠባይን በስም የሚጠራ ይመስላል እንጂ የሥራ ክፍልን አይጠራም። ያንንም ጠባይ ቢሆን በትክክል እንደሚያውቅ ማስረጃ የለም።

ይህን ሳላለሳልስ መናገር አለብኝ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሾን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ፈተና አሳተመ። ኮከብ ቆጣሪዎቹ የአንድ ሰው የልደት ገበታ ተሰጣቸው፤ ከእርሱም ጋር የሦስት ሰዎች የጠባይ መመዘኛ ውጤት ቀረበ። ከሦስቱ አንዱ የገበታው ባለቤት ነው። ቢያንስ በግማሹ እናገኘዋለን ብለው ነበር። ያገኙት ከሦስት አንዱን ያህል ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ዕጣ የሚያወጣም ያንኑ ያህል ያገኛል። ከዚያ ቀደም በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸው» ብሎ ጽሑፍ አደለ። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ሲመዝኑ አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። የታደለው ጽሑፍ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። የእህቴ ልጅ በአዲስ ዓመት ዕለት የተወለደውን የሌላውን ሰው ገበታ አንብባ «እኔን ነው» ስትል ያው ነው የሆነው። ማንም ሰው አንዳንዴ ጠንቃቃ ነው፤ ማንም ሰው ሌላውን ረድቶ ረክቶ ያውቃል።

እንግዲያስ ለምን አልጣልነውም? ሊጣል ይችላል፤ የሚጥለውም ሰው አልተሳሳተም። የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መምህራንም መጪውን ከኮከብ መጠየቅን ይከለክላሉ፤ በዚህ ምክንያት ገበታ የማይነካውን ሰው አከብራለሁ። እኔ የያዝኩት ምክንያት ጠባብ ነው። ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የትኛው ቶሎ ሥራ ያስገኛል?» የሚል። እርሷም ለራሷ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ገበታው ከማንም ቤተሰብ ያልመጣ፣ ማንንም የማይወክል የጥያቄ መነሻ ሆነልን። መልሱን ግን ከእርሱ አልፈለግንም። ከደብተሯ፣ ከውጤቷ፣ ካሳለፈቻቸው ቀናት ፈለግን። ይህ ልዩነት ከጠፋ ገበታው ወዲያውኑ ወደ ጥንቆላ ይለወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከገበታው የሚወጣውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ቀየርነው፤ ጥያቄውም «አዎ ነኝ» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የሆነ ነገር አምጥታ የምታሳይበት እንዲሆን አደረግን። ቀጥሎ የዐረፍተ ነገሩን ተቃራኒ ጻፍንና ያም እውነት መስሎ ከተሰማት ሁለቱንም ሰረዝን። «ሰው ትወጃለሽ» እና «ብቻሽን መሆን ትወጃለሽ» ሁለቱም እውነት ከመሰሏት አንዱም ስለ እርሷ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

የሜርኩሪንና የጁፒተርን ፊት ለፊት መቆም እንውሰድ። የተለመደው ንባብ ዝርዝርና ትልቅ ምስል ይጣላሉ፤ ብዙ ይጀመራል፣ ከሚፈጸመው በላይ ቃል ይገባል የሚል ነው። ይህን ወደ ጥያቄ ስንቀይረው «በዚህ ዓመት በራስሽ ፈቃድ የጀመርሻቸውን ነገሮች ጻፊ፤ በሦስተኛው ሳምንት የትኞቹ በሕይወት ነበሩ?» ሆነ። ስድስት ጻፈች። ሁለቱ ነበሩ የዘለቁት፤ ለሠፈር ሕፃናት ሒሳብ ማስጠናትና የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ማንበብ። በስልኳ የጀመረችው የፕሮግራም ኮርስ በአሥረኛው ቀን ቆሟል። እህቴ ወዲያው «ይኸው፣ ሶፍትዌር አይሆናትም» አለች። አስቆምኳት፤ ምክንያቱም ኮርሱ የቆመው የመጨረሻ ፈተና ሳምንት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ መቆም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእረፍቱ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ እንደገና እንድትሞክረው ተስማማን። የምትመዘግበው ነገር ስንት ትምህርት እንደጨረሰች አይደለም፤ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲላት ምን እንደተሰማትና ስንት ደቂቃ እንደታገሠች ነው። የዚህ ሙያ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው የማይሠራውን ነገር ምክንያት በመፈለግ ስለሆነ።

ጨረቃና ቬኑስ በሸርጣን አብረው መሆናቸው ለሰው መንከባከብን፣ ለስላሳ አቀባበልን ያሰኛል። ጥያቄው «ታማሚ ሰው ሲያስቸግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ሊሆን ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉም ሰው ራሱን የሚያሳምርበት ነው። ስለዚህ ወደ ቦታው ሄደች። የቤተሰብ ወዳጅ የሆነች ፋርማሲስት በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሦስት ከሰዓት በኋላ ቆማ ዋለች። ተመልሳ የነገረችኝ ያልጠበቅኩት ነበር። ሰው ማነጋገሩ ደስ ብሏታል፤ በተለይ አንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጡ ደጋግማ ያስረዳቻቸው ጊዜ። የከበዳት ሌላ ነው። «አክስቴ፣ ማዘዣው ላይ ያለውን መጠን ሁለት ጊዜ ታመሳክራለች። ሦስተኛም ጊዜ። ቀኑን ሙሉ። እኔ በሁለተኛው ቀን ማመሳከሩ ሰለቸኝ፤ ከዚያም መሰልቸቴ ራሱ አስፈራኝ።»

ይህን ገበታው አልነገራትም። እንዲያውም በተሳሳተው ገበታ «ጠንቃቃ» ተብላ ደስ ብሏት ነበር። ሦስት ከሰዓት በኋላ የነገሯት ከሁለቱም ገበታዎች የበለጠ ነው።

የማርስን ነገር በአጭሩ ሰረዝነው። «ፈጣን ነሽ» የሚለውንና «ታስቢያለሽ እንጂ አትቸኩዪም» የሚለውን ሁለቱንም እውነት ናቸው አለች። ፀሐይም በሠውር ያው ሆነች።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያበቁ የፕሮግራም መዝገቧን አመጣች። አንድ ቀን ሃምሳ ደቂቃ አንዲት የጎደለች ነጥብ ስትፈልግ ቆይታ አልቅሳ ተነሥታለች። በማግስቱ ግን ሳትጠየቅ ተመልሳ ተቀምጣለች። ስድስት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጽፋለች፤ ከስድስቱ በአምስቱ ተመልሳለች። ከሁሉ ረዥም የተቀመጠችበት ቀን ለምታስጠናቸው ሕፃናት የማባዛት መልመጃ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም የሠራችበት ነው።

ከዚህ በኋላ ገበታው ሊናገርባቸው የማይችላቸው ነገሮች መጡ። ምደባው በውጤት ቅደም ተከተልና በክፍሉ የመቀበል አቅም ነው፤ ውጤቷ ለአንዱ ክፍል የማይበቃ ከሆነ ምንም ዓይነት ሜርኩሪ አያስገባትም። የተማሪዎች ቁጥር፣ ከዚህ በፊት በየክፍሉ የገቡት ተማሪዎች ውጤት፣ ኮምፒውተር የመግዛት አቅም፣ ከተማው ውስጥ ያለው የሥራ ሁኔታ፤ እነዚህን ከከፍተኛ ዓመት ተማሪዎችና ከመዝገብ ቤት ጠየቀች። ከእናቷ ጋርም ስለ ገንዘብ መጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተነጋገሩ። እህቴ ፋርማሲን የወደደችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው፤ እርሷ ወጣት ሳለች ራሷ መማር የፈለገችው እርሱን ነበር።

በገበታ ለሚጠቀም ተማሪም ሆነ ወላጅ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ንባቡ ወደ ጥንቆላ መሻገሩ የሚታወቀው በግሡ ነው። «ትሆኛለሽ»፣ «አይሳካልሽም»፣ «ተከልክሎብሻል» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ሰውየው ስለማያውቀው ነገር እየተናገረ ነው፤ በተለይ ከዚያ ቀጥሎ ማፍረሻ፣ ድንጋይ ወይም ሌላ ክፍያ ከጠየቀ። ሌላው ምልክት ከውስጥ የሚመጣ ነው። ተማሪው ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ «ኮከቤ ነው» ብሎ ደብተሩን ከዘጋ፣ ገበታው ጥያቄ መሆኑን ትቶ ሰበብ ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ማጠፍ ነው የሚሻለው።

የእህቴ ልጅ ቅጹን በቀለም የሞላችው ሐሙስ ዕለት ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ሶፍትዌር ምህንድስና፣ በሁለተኛው ፋርማሲ ጻፈች። በሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ ከተመለሰችና ሕፃናቱን ካስጠናች በኋላ ያሰበችው፣ ቀድሞ በቅጹ ላይ ያልነበረ ነገር ሰፈረ፤ የሒሳብ መምህርነት። እናቷ አነበበችውና ዝም አለች፤ ከዚያ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለቻት። ልጅቷም የማስጠኛ ደብተሯን አውጥታ በእናቷ ፊት ዘረጋችው።